ኤርበድ ሲሰካ ላፕቶፕ ለምን ይጠፋል? ባለ 4 ፖርት ቻርጀር ዋቱን እንዴት እንደሚያካፍል ያየንበት አንድ ጉዳይ

አብሮኝ የሚሰራ ቪዲዮ ኤዲተር አለ፣ ረጅም ሬንደር ሲኖረው ማታ ያስጀምርና ይተኛል፣ ጠዋት አልቆ ይጠብቀዋል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ላፕቶፑ ጠፍቶ አገኘው። ገመዱ አልተነቀለም፣ መብራትም ሌሊቱን አልጠፋም፣ ቻርጀሩም በርቶ ነው ያለው፣ ግን ባትሪው 2 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ማሽኑ ራሱን አጥፍቷል። ሬንደሩ በፍሬም በፍሬም ነበር የሚቀመጠው፣ ስለዚህ መቼ እንደቆመ ማወቅ ቀላል ነበር፣ የመጨረሻው ፍሬም የተጻፈው በኮምፒውተሩ ሰዓት 03:14 ላይ ነው፣ ማለትም ሌሊት 9 ሰዓት ከሩብ አካባቢ። ያስጀመረው ማታ 5 ሰዓት ላይ ሲሆን ባትሪው ያኔ 82 ፐርሰንት ነበር። 4 ሰዓት ከሩብ ውስጥ፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ እያለ ባትሪው አለቀ ማለት ነው።

እሱ መጀመሪያ የጠረጠረው ባትሪውን ነው፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ ከዛ ቻርጀሩን። ሶስቱም ምክንያታዊ ጥርጣሬ ነው። ግን አንድ ነገር ተናገረ፣ ነገሩን የፈታው እሱ ነው፤ "ከዚህ በፊት ስልኬንም አብሬ እየሰካሁ አሳድሬው አውቃለሁ፣ ምንም ሆኖ አያውቅም፣ ያን ቀን የጨመርኩት ኤርበዱን ብቻ ነው" አለኝ። ኤርበድ ደግሞ ምን ያህል ይበላል ብላችሁ አስቡት፣ 1 ዋት ተኩል ቢበላ ነው፣ 100 ዋት የተጻፈበት ቻርጀር ላይ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው "እንግዲህ ቻርጀሩ ተበላሽቷል" ብሎ የሚጥለው። ቻርጀሩ ግን ደህና ነበር፣ የተሰራበትን ነገር ነው በትክክል እየሰራ የነበረው።

ቻርጀሩ ሶስት ታይፕ ሲ እና አንድ የድሮው አራት ማዕዘን ዩኤስቢ አለው፣ ሲ1፣ ሲ2፣ ሲ3 እና ኤ ተብለው ተጽፈዋል። ፊቱ ላይ በትልቁ "100 ዋት" ይላል፣ ከስር ደግሞ ማጉያ መስታወት በሚያስፈልግ ፊደል እውነተኛው መረጃ አለ። ሲ1 ብቻውን ሲሆን 100 ዋት። ሲ1 እና ሲ2 አብረው ሲሆኑ 65 እና 30። ሲ1፣ ሲ2 እና ሲ3 አብረው ሲሆኑ 45፣ 30 እና 15። ሲ3 እና ኤ አብረው ሲሆኑ በሁለቱ መሀል በድምሩ 15። አንድ ሌላ መስመርም ነበረች፣ እሷን በኋላ እመጣባታለሁ ምክንያቱም መፍትሄው ከሷ ነው የወጣው።

መጠርጠር ብቻ ስለማይበቃ ለካነው። መለኪያው በገመዱና በፖርቱ መሀል የሚገባ ትንሽ የዩኤስቢ ሜትር ነው፣ ቮልትና አምፒር ያሳያል፣ ሁለቱን ስታባዛቸው ዋት ታገኛለህ። ሬንደሩን እንደገና አስነሳንና ላፕቶፑን ብቻውን ሲ1 ላይ ሰካነው፣ 19.8 ቮልት 4.5 አምፒር አሳየ፣ 89 ዋት ገደማ ነው፣ የላፕቶፑ የራሱ ቻርጀር ደግሞ 90 ዋት ስለሆነ ማሽኑ የሚፈልገውን ሙሉ በሙሉ እየወሰደ ነው ማለት ነው። ይሄ አንድ ንባብ ገመዱን ከተጠርጣሪነት አወጣው። ውስጡ የመለያ ቺፕ የሌለው ተራ የታይፕ ሲ ገመድ ከ3 አምፒር በላይ አይፈቀድለትም፣ በ20 ቮልት 60 ዋት ላይ ይቆማል፤ 4.5 አምፒር ካለፈ ገመዱ ባለ 5 አምፒሩ ነው። ባትሪውም እየሞላ ስለነበር እሱም ደህና ነው።

ከዛ ስልኩን ሲ2 ላይ ሰካው። እዚህ ጋ በደንብ ማየት የሚያስፈልግ ነገር አለ፣ የስልኩ ጫፍ ፖርቱን እንደነካ ሜትሩ ላይ ያለው ቮልት ዜሮ ሆነ፣ ላፕቶፑ ከቻርጀር የተነቀለ ያህል ስክሪኑን ደብዘዝ አደረገ፣ አንድ ሰከንድ አካባቢ ቆይቶ መጀመሪያ 5 ቮልት መጣ፣ ወዲያው 20 ሆነ፣ ግን አሁን አምፒሩ 3.2 ላይ ቆመ፣ 64 ዋት። ሬንደሩ ራሱ፣ ስክሪንም ሲፒዩም ምኑም ተደምሮ፣ 55 ዋት አካባቢ ነበር የሚበላው፣ ስለዚህ በ64ቱ ላይም ባትሪው ቀስ እያለ ይሞላል። ለዛ ነው ስልኩን አብሮ ያሳደረባቸው ሌሊቶች ላይ ችግር ያላየው፣ ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ትርፍ ነበር።

ኤርበዱን ሲ3 ላይ ስንሰካው ያው ዜሮ መሆኑ ተደገመ፣ ሲመለስ ግን 2.2 አምፒር፣ 44 ዋት። 55 የሚበላ ማሽን 44 እየተሰጠው ነው፣ ልዩነቱን ከባትሪው ነው የሚያወጣው። ላፕቶፑ ሊኑክስ ስለነበር ይቺን አስሮጥን፦

```
upower -i $(upower -e | grep BAT)
```

ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የሚያስፈልጉት ሁለት መስመሮች ናቸው፦

```
state:        discharging
energy-rate:  11.3 W
```

ገመዱ ተሰክቷል፣ ግን ባትሪው በ11.3 ዋት እየፈሰሰ ነው። ሂሳቡን አብረን ሰራነው፣ ባትሪው ሙሉ ሲሆን 60 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ 82 ፐርሰንቱ 49 አካባቢ ነው፣ ማሽኑ 2 ፐርሰንት ላይ ስለሚዘጋ 48 እንበለው፣ ለ11.3 ሲካፈል 4 ሰዓት ከሩብ። የመጨረሻው ፍሬም የተጻፈበት ሰዓት ላይ ልክ ያደርስሃል። እዚህ ስንደርስ ሌላ ጥፋተኛ መፈለግ አቆምን።

አሁን ሰውን የሚያናድደው ክፍል ይመጣል። ሁለተኛ ሜትር ሌሎቹ ላይ አደረግን፣ ስልኩ ሞልቶ ስለነበር 9 ቮልት ላይ 0.1 አምፒር ነው የሚወስደው፣ 1 ዋት እንኳን አይሞላም። ኤርበዱ 5 ቮልት 0.3 አምፒር፣ 1.5 ዋት። ላፕቶፑን ጨምረህ ደምረው፣ 46 ዋት ተኩል ነው የሚወጣው። 100 ዋት መስጠት የሚችል ቻርጀር ከግማሽ በታች እየሰራ፣ ላፕቶፑ አጠገቡ ባትሪውን እየጨረሰ ነው። ጓደኛዬ "ታዲያ የቀረውን 50 ዋት ለምን አይሰጠውም?" አለኝ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ደግሞ ቻርጀሩ ከመሳሪያው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ካላወቁ አይገባም።

ዩኤስቢ ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለው ስርዓት የሚሰራው በስምምነት ነው። ላፕቶፑን ስትሰካው ቻርጀሩ ዝርዝር ይልክለታል፣ 5 ቮልት በ3 አምፒር እችላለሁ፣ 9 ቮልት በ3፣ 15 ቮልት በ3፣ 20 ቮልት በ5፣ እንዲህ እያለ። ላፕቶፑ ከዝርዝሩ አንዱን መርጦ ይጠይቃል፣ ቻርጀሩ እሺ ይላል፣ ቮልቱን ያስተካክልና ዝግጁ ነኝ የሚል መልዕክት ይልካል፣ ከዛ በኋላ ነው ላፕቶፑ ብዙ መሳብ የሚጀምረው። ዋናው ነገር ምንድነው፣ ቻርጀሩ አንዴ "20 ቮልት በ5 አምፒር" ብሎ ከተስማማ ላፕቶፑ በማንኛውም ሰከንድ ሳያስጠነቅቅ 5 አምፒሩን ሙሉ መሳብ ይችላል፣ መብቱ ነው። አሁን 30 ዋት ብቻ እየሳበ ቢሆንም ሬንደር ሲጀምር በቅጽበት 90 ዋት ይገባል። ስለዚህ ቻርጀሩ ማካፈል ያለበት ቃል የገባውን ነው፣ በዛች ሰከንድ እየተሳበ ያለውን ብቻ አይቶ አይሆንም።

ስልኩ ሲ2 ላይ ሲመጣም ቻርጀሩ 30 ዋት እሰጥሃለሁ ብሎ ይስማማል። ስልኩ ሞልቶ 1 ዋት ብቻ ቢወስድም 30ው በስሙ ተይዟል፣ እንግዳው ባይመጣም በስሙ ተይዞ ባዶ እንደሚቆይ ወንበር በለው። ያንን 30 ለላፕቶፑ አሳልፎ ቢሰጥና ስልኩ ድንገት መጠጣት ቢጀምር ድምሩ ከ100 ያልፋል፣ የቻርጀሩ መከላከያ ሰርኪት ይዘጋል፣ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። አምራቹ ይህንን ላለማምጣት ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፣ ስንት ፖርት ተይዟል የሚለውን ብቻ ያያል፣ ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ላይ የሚስማማውን መስመር ያወጣል፣ በቃ። ስር ላይ በደቃቁ የተጻፈው ነገር ያ ሰንጠረዥ ራሱ ነው። ኤርበድ ይሁን ሌላ ላፕቶፕ፣ ሲ3 ተያዘ ማለት ተያዘ ነው።

"ተያዘ" የሚለውን ደግሞ የሚያውቀው በገመዱ አይደለም። ታይፕ ሲ ውስጥ ለንግግር ብቻ የተመደበ ፒን አለ፣ መሳሪያው በበኩሉ በዛ መስመር ላይ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስቀምጣል፣ ቻርጀሩ እሱን ሲያይ ነው ሰው አለ የሚለው። በሌላ ጫፉ ምንም የሌለው ባዶ ገመድ ሲ2 ላይ ትተህ ብትሄድ ከላፕቶፑ ምንም አይቀነስም፣ ሞክረነዋል፣ 89ኙ እንዳለ ቆሟል። የሞላ ስልክ ግን ሬዚስተሩ ስላለ ሌሊቱን ሙሉ ድርሻውን ይዞ ያድራል። ይሄ ልዩነት ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም፣ "ስልኬ ከሞላ በኋላ ዋቱ ወደ ላፕቶፑ ይመለሳል" ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፣ እንደዚህ ባለ ቻርጀር ላይ አይመለስም፣ መንቀል አለብህ።

ሁሉም ቻርጀር እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በትክክል እየተሳበ ያለውን እየለካ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ትንሽ የሚወስደውን መሳሪያ ድርሻ ዝቅ አድርጎ ትርፉን ወደ ሌላው የሚያዞር አለ፣ ስልኩ እንደገና ከፈለገ ደግሞ እንደገና ይደራደራል። ከነጭራሹ ማካፈል የማያስፈልገውም አለ፣ የእያንዳንዱ ፖርት ትልቁ ዋት ተደምሮ ከጠቅላላው የማይበልጥ፣ ግን እሱ ለዛው ዋት ይገዝፋል ውድም ይሆናል። የጓደኛዬን ዓይነቱን በሜትር መለየት ቀላል ነው፣ የሞላ ስልክ ሲ2 ላይ ሰክተህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ ሲ1 ላይ ያለው አምፒር 3.2 ላይ ተተክሎ ከቀረ ቋሚ ሰንጠረዥ ነው የሚከተለው፣ ራሱ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ እየለካ የሚያካፍል ነው። የኛው ተተክሎ ቀረ። ሜትር ባይኖርም ላፕቶፑ ላይ ያቺኑ ትዕዛዝ ከመሰካትህ በፊትና በኋላ ማስሮጥ ትችላለህ፣ ግን ስራው እየሮጠ እያለ መሆን አለበት፣ ላፕቶፑ ስራ ፈቶ ሲቀመጥ 10 ዋት ምናምን ስለሚበላ 45ቱም ይተርፈዋል፣ ምንም ችግር ያለ አይመስልም።

ያቺ የዜሮ ቮልት ሰከንድስ? ስርዓቱ በራሱ መብራት ሳይቆርጥ አዲስ ዝርዝር እንዲልክ ይፈቅዳል፣ ላፕቶፑም ዝቅ ያለውን መርጦ ይቀጥላል። ብዙ ቻርጀሮች ግን ድርሻ ሲቀየር ሁሉንም ፖርት ዘግተው ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ለነሱ ይሄ ቀላሉ ነው፣ ላፕቶፑ አዲሱን ስምምነት ሳይቀበል በድሮው መጠን መሳቡን እንዳይቀጥልም እርግጠኛ ይሆናሉ። ባትሪ ላለው ነገር ችግር የለውም።

እና መፍትሄው። ጓደኛዬ አዲስ ቻርጀር ሊገዛ ነበር፣ 140 ዋት። እኔ መጀመሪያ ያቺን በደቃቁ የተጻፈች መስመር እናንብብ አልኩት። "ሲ1፣ ሲ3 እና ኤ" ትላለች፣ ፊት ለፊቷ 80 እና 15። ሲ2 ባዶ ሆኖ ሁለቱ ትናንሽ ነገሮች ሲ3 እና ኤ ላይ ከሆኑ ላፕቶፑ 80 ያገኛል ማለት ነው፣ ያው ቻርጀር፣ ያው ሶስት መሳሪያ፣ ቦታ ብቻ ቀይረህ ከ45 ወደ 80።

ለምን እንዲህ ሆነ ካልክ ውስጡን ማሰብ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ዲሲ የሚቀይር አንድ ትልቅ ክፍል አለ፣ 100 ዋቱ የሱ አቅም ነው። ከሱ ቀጥሎ ቮልቱን ለየፖርቱ የሚያስተካክሉ ትናንሽ ኮንቨርተሮች አሉ፣ ሲ1 የራሱ አለው፣ ሲ2 የራሱ አለው፣ ሲ3 እና ኤ ግን አንድ ይጋራሉ። አንድ ኮንቨርተር በአንድ ጊዜ አንድ ቮልት ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ኤ ለብቻው ሲሆን 9 ቮልት ወጥቶ ስልኩን ፋስት ቻርጅ ሊያደርግ ይችላል፣ ሲ3 ላይ 5 ቮልት ብቻ የሚችል ኤርበድ ሲመጣ ግን ሁለቱም ወደ 5 ቮልት ይወርዳሉ፣ 3 አምፒሯንም ይካፈላሉ፣ 15 ዋቷ የመጣችው ከዚህ ነው። ሰው ይህንን እንደ ጉድለት ነው የሚያየው፣ "ስልኬ ፋስት ቻርጅ ማለቱን አቆመ" ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይሄው ነው፣ ሁለቱ በአንድ የ15 ዋት ድርሻ ስለታጨቁ ለሲ2 የሚያዘው 30 ሳይያዝ ይቀራል።

አደረግነው። ስልኩ ኤ ላይ፣ ኤርበዱ ሲ3 ላይ፣ ላፕቶፑ ሲ1 ላይ፣ ሬንደሩ እየሮጠ። ሲ1 ላይ 19.8 ቮልት 4 አምፒር፣ 79 ዋት። ትዕዛዙ አሁን charging ይላል፣ ባትሪው ውስጥ ከ20 ዋት በላይ እየገባ። ስልኩ 5 ቮልት ላይ 1.8 አምፒር ነው የሚያገኘው፣ 9 ዋት፣ ያ ማለት ባዶ ስልክ ሶስት ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል፣ ሌሊቱን ለሚያድር ስልክ ምን ችግር አለው። ቀን ላይ ቸኩሎ ከሆነ ሲ2 ላይ ይሰካዋል፣ ላፕቶፑ ከባድ ስራ ላይ ካልሆነ 65ም 45ም ይበቃዋል።

የዛኑ ቀን ማታ ሬንደሩን እንደገና ለቀቀው፣ ጠዋት ሁሉም ፍሬም ተጽፎ ባትሪው 100 ላይ ነበር። ቻርጀሩን አልቀየረም።

ከዛ በኋላ የጠየቀኝ ነገር ግን ሲ2 ባዶ ስለቀረ ፋይሎቹን ባክአፕ የሚያደርግባትን ትንሽ ኮምፒውተር እዛ ላይ ቢሰካትስ የሚል ነበር፣ ባትሪ የላትም፣ 5 ቮልት 3 አምፒር ነው የምትፈልገው፣ ሲ2 ደግሞ ይችላል። አይሆንም አልኩት፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛ ሲ2 ከተያዘ ሌሎቹ ተሰክተው እያለ ላፕቶፑ ወደ 45 ይመለሳል። ሁለተኛው ይብሳል፣ ማታ ሲገባ ስልኩን ኤ ላይ በሰካ ቁጥር፣ ጠዋት ኤርበዱን በነቀለ ቁጥር፣ ያቺ የዜሮ ቮልት ሰከንድ ልትመጣ ትችላለች፣ ላፕቶፑ በባትሪው ያልፋታል፣ ትንሿ ኮምፒውተር ግን ፋይል እየጻፈች እያለ ድርቅ ብላ ትጠፋለች፣ የምትጽፍበት ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ሲስተም ሊበላሽ ይችላል። ባትሪ የሌለው ነገር የራሱ ቻርጀር ይኑረው ብዬ ባለ አንድ ፖርት የ15 ዋት አንድ አስገዛሁት።